ቤላ የተባለው ሳሙና

ጣልያን ከወጣ በኋላም ጎንደር የቀሩ ጥቂት ጣልያን ነጋዴዎች ነበሩ። እኔ አራዳ ውስጥ ከአንደኛው ዘንድ አስተርጓሚ ሆኜ ተቀጠርሁ። ጣልያንኛውን የተማርሁት አስመራ፣ ከመነኮሳት ትምህርት ቤት ነው። አማርኛዬን ግን የሚያርሙልኝ አንድ የቅኔ መምህር ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ከደብራቸው ይመጡና ጥምጥማቸውን አስተካክለው ከጠረጴዛዬ ፊት ይቀመጣሉ፤ የጻፍሁትንም ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው ያዝዙኛል። ወረቀቱን ተቀብለው አይተው አያውቁም። «ጽሕፈት የሚታረም በጆሮ ነው» ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን አስመራ ካለ ሳሙና ፋብሪካ የመጠቅለያ ወረቀት ናሙና መጣ። ጉንጩ የሞላ ሕፃን ተስሎበታል፤ ከሥሩ በላቲን ፊደል «ቤላ» ይላል፤ ቆንጆ ማለት ነው። የእኔ ሥራ ስሙን በእኛ ፊደል መጻፍና ሁለት መስመር ማስታወቂያ መጨመር ነበር። ደስ ብሎኝ ጻፍሁና አነበብሁላቸው።

የኔታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እስቲ ድገሚው።»

«ቤላ።»

«አሁን ደግሞ አንዲት የወገራ እናት እንደምትለው አድርገሽ በይው። ልጇን በሱ ልታጥብ ነው እንበል።»

«ልጄን ቤላ...» ብዬ ጀመርሁና አፌ ላይ ቀረ።

ጣልያንኛው ላውን ያጠብቃል፤ እኛም «በላ» ስንል ላውን እናጠብቃለን። ልዩነቱ «ቤ»ና «በ» ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን የቸኮለ ሰው አይለየውም። ልጄን በላ! ያውም የሕፃን ስዕል ባለበት ወረቀት ላይ፣ ቡዳ በላው በሚባልበት አገር።

«ለእኛ ኅብረ ቃል ነው፤ አንድ ድምፅ፣ ሁለት ትርጉም» አሉ የኔታ። «በግዕዙም በልዐ ነው፤ ትግሬውም ቢሰማው ከዚያው ይደርሳል።»

ለነጋዴው ስነግረው ሳቀብኝ። «ሲኞሪና፣ ቤላን የማያውቅ ጎንደሬ አለ? ቡና ቤት ያለው አሳላፊ እንኳ ይለዋል!» እውነቱን ነው፤ የአራዳ ሰው ያውቀዋል። እኔም ተጠራጠርሁና በማግስቱ ጎረቤት ያሉትን ባለሱቆች «ይህ ስም መጥፎ ነው ወይ?» እያልሁ ጠየቅሁ። ሁሉም «ሸጋ ነው» አሉኝ።

የኔታ ሲሰሙ ተቆጡ። «እንዲያ ተብሎ ይጠየቃል? ሰው ይሉኝታ አለበት፤ እንዳያስቀይምሽ ሸጋ ነው ይልሻል። ምንም አትንገሪ፤ ስሙን ብቻ በይና ምን ሰማሽ ብለሽ ጠይቂ። ደግሞም ጣልያንኛ ያልሰማ ሰው ፈልጊ።»

ቅዳሜ ገበያ አብረን ወጣን። ከአዲ አርቃይ ጨው ጭኖ የመጣ ነጋዴ አገኘንና ስሙን አልሁለት። «ማን ነው የበላ?» አለና ሳቀ። ቀጥሎ ሕፃን ያዘለች አንዲት የገጠር እናት ዘንድ ሄድን። ወረቀቱን አሳየኋትና «ቤላ» አልኋት፤ «ምን ሰማሽ?»

ሴትዮዋ ስዕሉን አየች፤ ወዲያው ነጠላዋን ስባ የልጇን ፊት ሸፈነች። «ምነው እታለም! ይህን የመሰለ ልጅ ማን በላው?» አለችኝ። እኔ በኀፍረት ቀለጥሁ። የኔታ ቀስ ብለው ቀረቧት፤ በመስቀላቸው ልጁን ባረኩት፤ የሳሙና ስም መሆኑንም አስረዷት። «እንግዲያስ ስሙን ይለውጡለት» አለች፤ ከዚያም ስቃ ልጇን ገለጠችልን። እውነትም ጉንጩ እንደ ስዕሉ ነበር።

ይህን ስንነግረው ነጋዴው አልሳቀም። እሱም በአገሩ ልጆች ነበሩት። ጥቂት ካሰበ በኋላ ፊቱ በራ፤ «እንግዲያው ካራ እንበለው! በእኛ ውድ፣ ተወዳጅ ማለት ነው።»

የኔታና እኔ ተያየን። እሳቸው ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ አፈኑ፤ መናገሩ ለእኔ ቀረ። «ሲኞር፣ ካራ በእኛ ቢላዋ ነው።»

«ከመበላት ወደ መታረድ!» አለና ራሱን ይዞ ወንበሩ ላይ ተዘረጋ። ሦስታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

ከዚያ ወዲያ አንድ ሳምንት ሙሉ ስም ስንፈትን ከረምን። እያንዳንዱን ስም አጥብቄም አላልቼም እጽፈዋለሁ፤ የኔታ ደግሞ ከግስ ጋር ያጋጥሙታል፤ «ስጠኝ»፣ «አጠብሁበት»፣ «አለቀብኝ» ያስብሉኛል። ከጭልጋ የመጣ ቅማንት አናጢ ሳይቀር ጠየቅን። በመጨረሻ «ሮዛ»፣ የጽጌረዳዋ ስም፣ ሁሉንም አለፈ። ነጋዴው ወደ አስመራ ቴሌግራም ላከ፤ ደግነቱ መጠቅለያው ገና አልታተመም ነበር።

የመጀመሪያው ሣጥን ሲከፈት ለየኔታ አንድ ሮዛ ሰጠኋቸው። አሸተቱት፤ ደጋግመው አሸተቱት፤ ከዚያ ከጉያቸው ከተቱት። በኋላ ሚስታቸው እንደነገሩኝ ከሆነ አንድ ቀን እንኳ አልታጠቡበትም። ከብራና መጽሐፎቻቸው መካከል አኑረውት፣ ደቀ መዝሙር ሁሉ ቅኔ ሊቀበል ሲመጣ ክፍሉ ለምን የታጠበ ሕፃን ገላ እንደሚሸት ግራ ይገባው ነበር።