ከማታር ትይዩ የተጻፈው ዜሮ

ርክክብ ማለት በእኛ ቢሮ ቁልፍና ማኅተም መቀበል ነበር። ክልሉ ገና አዲስ ነው፤ ማኅተም አለው፣ ኮምፒውተር አለው፣ ክረምት የሚችል መንገድ ግን የለውም። ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ የወባ መድኃኒት የሚደለደልበትን የኮምፒውተር ሠንጠረዥ ያለ አንዲት መስመር ማብራሪያ ትቶልኝ ሄደ። እኔ ስዛወር ግን ለተተኪዬ ማስታወሻ ልጽፍ ተቀመጥኩ።

«ቁጥሩ ራሱ ይናገር የለም እንዴ? ምን አደከመህ!» አሉኝ ኃላፊያችን።

ቁጥር የሚናገረው የጻፈውን ሰው እምነት ብቻ ነው።

ሠንጠረዡ ሦስት ገጽ ነው፦ የየወረዳው ወርኃዊ ፍጆታ፣ በየጤና ጣቢያው የቀረው ክምችትና ድልድሉ። ቀመሩ ቀላል ነው። መንገድ በሚዘጋባቸው ወራት ላይ አንድ የመጠባበቂያ ወር ይደመራል፤ ድምሩ በወር ፍጆታ ይባዛል፤ ከዚያ በጣቢያው ያለው ይቀነሳል። መጠባበቂያው ለሁሉም ወረዳ ከአንድ ሳጥን ይነበባል። ከታች ያለው ሳጥን ድልድሉን ከመጋዘናችን ክምችት ይቀንሳል፤ ከዜሮ በታች ከወረደ የሌለንን አድለናል ማለት ነው።

መንገድ የሚዘጋባቸው ወራት ለጎግ ወረዳ አራት ናቸው፤ ለማታር ወረዳ ዜሮ። ምክንያቱን የቀድሞው ባለሙያ ኋላ ብጠይቀው በሬዲዮ ነግሮኛል፦ ክረምት መንገዱን ሲዘጋ የባሮ ወንዝ ይሞላና ወደ ማታር ጀልባ ይሄዳል። ይህንኑ ማስታወሻው ላይ ቀመሩ ካረፈባቸው ግምቶች ተርታ ጻፍኩት።

ተተኪዬ የማታር ልጅ ነው፤ የመጣውም በዚያው ሳምንት ከዚያው ነው። ማስታወሻውን እያነበበ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ ጀልባ የቱ ነው?»

«የቢሮው ነዋ።»

«እሱማ ሞተሩ ተፈታትቶ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። እኔ በምን የመጣሁ መሰለህ? የጭነት መኪና ላይ፣ ከጨው ጆንያ ጋር! ክረምት ሲገባ እሱም ይቆማል። እናቴ እዚያ ናት። ዜሮ ብለውሻል ልበላት?»

ዜሮውን እንደ ጎግ ወደ አራት ለወጥነው። የታችኛው ሳጥን ከዜሮ በታች ወረደ። ደመናው በመስኮቱ በኩል እየጠቆረ ነበር። መጠባበቂያውን ከአንድ ወር ወደ ግማሽ ካወረድነው ልክ ይመጣል፤ ግን የሚቀነሰው ከሁሉም ነው።

«ጎግ ወረርሽኝ ቢገባስ?» አልኩት።

«እሱን እፈራለሁ። ማታርን ግን ከመፍራት አልፌያለሁ፤ አውቃለሁ።»

ኃላፊያችን የተለወጠውን ድልድል እያጉረመረሙ ፈረሙ። ማስታወሻው ላይ መጠባበቂያው ለምን እንደተቀነሰና ጀልባው ሲጠገን የማታር ቁጥር እንደገና እንዲታይ ጨመርኩ። የማታርን መድኃኒት የጫነው መኪና በማግስቱ ጠዋት ወጣ፤ ማታውን ዝናቡ ወረደ።

በነጋታው እኔ ወደ አዲሱ ምድቤ ልሳፈር አውሮፕላን ማረፊያው ሄጄ ተመለስኩ፤ አውሮፕላኑ በዝናቡ ምክንያት አልመጣም። ሬዲዮ ክፍሉ ደጃፍ ተቀምጬ አገር ሰላም እንደሆነለት ሰው ጋዜጣ ገለጥኩ፤ አንድ ቃል አልገባኝም። ከሰዓት በኋላ ተተኪዬ ብቅ አለ።

«ጭቃ ውስጥ አድረው ማታር ገብተዋል። እያወረዱ ነው።»

«ጎግስ?»

«እስካሁን ወረርሽኝ የለም፤ ነገም እጠይቃቸዋለሁ» አለና ወደ ሬዲዮው ተመለሰ።