ስልኬ ያጠፋው መስቀል

ደብረ ታቦር ውስጥ በስልኬ ፎቶ እያነሳሁ ነው የምኖረው። አዘቦት ቀን ለሱቆች ልብስና ጫማ አነሳለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ሠርግ አለ።

አንድ አርብ የአንዲት ባለሱቅን ነጠላ ለብሳ የቆመች ልጅ ሳነሳ፣ ባለሱቋ "ፊቷ ይጥራልኝ" ብላ ወጥራ ያዘችኝ። የካሜራውን ፊት ማሳመሪያ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግሁት። ሳልመልሰው በማግስቱ ሠርግ ሄድኩ።

የሙሽራዋ አያት ከእብናት መጥተው ነበር። ግንባራቸው ላይ በልጅነታቸው የተነቀሱት መስቀል አለ፤ በዕድሜ ደብዝዟል። ፎቷቸውን አሳጥቤ ስሰጣቸው ነው ያስተዋልኩት፦ ፊታቸው እንደ ብርጭቆ ለስልሷል፣ መስቀሉ የለም። ማሳመሪያው ፎቶው ገና ሲነሳ ስለሚሠራ፣ ያልተነካ ቅጂ ስልኬ ላይ አልቀረም። ዓይኔን ሸጬ የምበላ ሰው፣ ይህን አላየሁም!

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን ፎቶውን አንዴ ራቅ፣ አንዴ ቀረብ እያደረጉ አዩት።

"እናቴ ናት ያስነቀሰችኝ" አሉ።

ከዚያ ግንባራቸውን በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና ፊታቸውን ወደ እኔ ቀና አደረጉት።

"ልጄ፣ እስኪ እየኝማ፤ አሁንም አለ?"