በደብተሩና በባንኩ መካከል የጠፋው ገንዘብ

ልብስ ሰፊዋን የሰፈሩ ሰው «ሚሊሜትር» ነው የሚላት። ሱሪ ስታሳጥር ደንበኛው ራሱ «ተዪው፣ ይበቃል» ቢላት እንኳ ሜትሯን ዳግም ዘርግታ የምትለካ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ከባንክ የወጣውንና የገባውን ሁሉ በአንድ ሰማያዊ ደብተር ትጽፋለች። ወር ሲያልቅ ደምራ ቀንሳ፣ ቀሪውን ስልኳ ላይ ከሚታየው ጋር ታመሳክራለች።

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ግን ሂሳቡ እንቢ አለ። ደብተሩ 18,945 ሲል ባንኩ 16,200 ይላል። 2,745 ብር የት ገባ?

ደሟ ፈላ። በዚያ ወር የባንክ ካርዷን የያዘ ሌላ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ጎማ ቤት የሚሠራው ታናሽ ወንድሟ። ለእናታቸው መድኃኒት ሦስት ሺህ ብር እንዲያወጣ ልካው ነበር። ብዙም ሳታስብ ደወለችለት።

«አንተ፣ ያን ቀን ስንት ነው ያወጣኸው?»

«ሦስት ሺህ ነዋ። ምነው?»

«ከዚያ ሌላስ?»

ከኋላው የጎማ መንፊያው ይጮኻል።

«እታለም፣ ሌባ ነህ እያልሽኝ ነው?»

«አልወጣኝም። ገንዘብ ጎደለ ነው ያልኩት።»

«በይ እሺ» አለና ዘጋው።

ባንክ ቤት ሄዳ፣ አርባ ደቂቃ ተሰልፋ፣ የወሩን ስቴትመንት አሳተመች። ገና በሩ ላይ ቆማ ወንድሟን የላከችበትን ቀን ፈለገች። ሦስት ሺህ፤ አንዲት ሳንቲም አልተጨመረችበትም። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ብትደውልለት አላነሳም። ካፍ የወጣ አፋፍ!

ሱቋ ገብታ ወረቀቱንና ደብተሩን ከስፌት መኪናው አጠገብ ዘረጋች። በእርሳስ ምልክት እያደረገች ወረደች። «መድኃኒት፣ አለ። የቤት ኪራይ፣ አለ። ጨርቅ ነጋዴው፣ አለ። መብራት፣ አለ።» ደብተሩ ላይ ያልነበረው የባንኩ የአገልግሎት ክፍያ ብቻ ሆነ፤ አርባ አምስት ብር። እሱን ጻፈች። አሁንም ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ይጎድላል። ምልክት ያልተደረገበት መስመር ግን የለም!

አራት ጊዜ ደመረች። አራቱንም ጊዜ ያው ነው። ካልኩሌተሩን ቁርጥራጭ ጨርቅ መሀል ወረወረችው፤ ትንሽ ቆይታ ተነስታ ፈልጋ አነሳችው።

በዚህ መሀል ጎረቤቷ ጡረተኛው ብቅ አሉ። ሠላሳ ዓመት በሆስፒታል ሂሳብ ክፍል የሠሩ ሰው ናቸው።

«ሱሪዬ ደረሰ?»

«ጋሼ፣ ዛሬ ስለ ሱሪ አያንሱብኝ!»

ሁሉንም ዘረገፈችላቸው። እሳቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«የቀረውን ለዘጠኝ አካፍይው።»

«ዘጠኝ ከየት መጣ ደግሞ?»

«አካፍይው አልኩሽ እኮ!»

ሦስት መቶ። ቀሪ የለውም።

«ሁልጊዜ አይደለም፤ ግን እንዲህ እኩል ሲካፈል ብዙ ጊዜ ሁለት አሃዞች ቦታ ተቀያይረው ነው። አንቺ ያመሳከርሽው ስሙን ነው። አሁን ቁጥሩን አሃዝ በአሃዝ እያየሽ ተከተዪኝ፤ እኔ ከባንኩ አነባለሁ።»

አምስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ «ጨርቅ ነጋዴ፤ ስድስት ሺህ ሦስት መቶ» አሉ።

ደብተሯ ላይ፣ በገዛ እጇ፣ 3,600 ተብሎ ተጽፏል። ደረሰኙን ከመሳቢያ አውጥታ አየችው፤ 6,300። ጨርቁም እዚያው መደርደሪያው ላይ ተደራርቧል።

«ተገኘልሽ!» አሉ ጡረተኛው ደስ ብሏቸው።

«ምኑ ተገኘ? የሚመለስልኝ የለ!» አለች። የሰረቃት ሰው ቢኖር እንኳ የምትሰድበው ታገኝ ነበር።

ሱቋን ዘግታ ወደ ጎማ ቤቱ ሄደች። ወንድሟ አንድ ጎማ ውኃ ውስጥ ነክሮ የሚተነፍስበትን ቦታ ይፈልጋል። ቀና አላለም።

«የኔ ስህተት ነው» አለችው። «ቁጥር ገልብጬ ጽፌ ነው።»

«እሺ።»

«ተቀየምከኝ?»

«ደብተርሽን ሳትጠረጥሪ እኔን ጠረጠርሽ» አለ፤ ጎማውን እያገላበጠ። «ይቅር ብያለሁ። ካርድሽን ግን ሁለተኛ አትስጪኝ።»

«እሺ» ብላ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ በካርዷ ከባንኩ ማሽን ገንዘብ የምታወጣው ራሷ ናት፤ ጉልበቷን እያመማት ተሰልፋ። ብሩን ወስዶ መድኃኒቱን የሚገዛው ዛሬም ወንድሟ ነው። እንደገዛ የደረሰኙን ፎቶ በስልክ ይልክላታል። በፊት ከፎቶው ሥር ቀልድ አይጠፋም ነበር፤ አሁን ፎቶው ብቻ ነው የሚመጣው።