ጋሼን የጠየቅሁት

ወልቂጤ በክረምት ዲግሪ የምንማር ሁላችንም አስተማሪዎች ነበርን። ከክፍል ጓደኞቼ አንዱ፣ ልጅ ሆኜ ቡኢ ሳለሁ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። አሁን መስቃን ገጠር ውስጥ ያስተምራሉ፤ ጡረታቸውም ተቃርቧል። "ጋሼ" ስላቸው "እዚህ እኮ እኩል ነን" ይሉኝ ነበር፤ እኔ ግን አፌ አልለመደልኝም።

የእሳቸው ቡድን ያጠናው ጋሼ በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት በገበያ ቀን ተማሪዎች ለምን እንደሚቀሩ ነበር። ገምጋሚ ሆኖ የተመደበው የእኛ ቡድን ሲሆን፣ ጠያቂዋ እኔ እንድሆን ተወሰነ።

መምህርታችን "በጣም ጥሩ ነው" የሚል አስተያየት አትቀበልም። "ምኑ ጥሩ እንደሆነ ንገሩኝ" ትላለች። ያዘጋጀሁትን ጥያቄ አሳየኋት፤ "ጥናቱ ምን አስቸገራችሁ?" የሚል ነበር።

"የሚመልሱልሽ ነገር መደምደሚያቸውን ይነካዋል?"

"አይነካም።"

"እንግዲያው ጥያቄ አይደለም፤ አክብሮት ነው።"

በማግስቱ ጋሼ ቆመው አቀረቡ። የወላጅ ግንዛቤ ማነስ ነው ብለው ደመደሙ። ተራዬ ሲደርስ ከልቤ የወደድኩትን አስቀደምኩ፤ የገበያውን ቀን መቅረት ከሌሎቹ ቀናት ጋር በግራፍ አስተያይተው ማቅረባቸው ችግሩን ቁልጭ አድርጎታል አልኩ። ከዚያ ወደ ጥያቄዬ አለፍኩ፦

"ያነጋገራችሁት አስተማሪዎችንና ወላጆችን ነው። የቀሩት ልጆቹ ናቸው። እነሱን ጠይቃችኋል ወይ፣ ጋሼ?"

ከኋላ አንዱ "ውይ!" አለ። የቡድናቸው አባል የሆነች ሴት "ልጅ እኮ እውነቱን አይናገርም" ብላ ልትመልስ ስትጀምር፣ ጋሼ በእጃቸው አስቆሟት።

"አልጠየቅንም" አሉ። መምህርቷ አስተካክለው እንዲያቀርቡ ጊዜ ሰጠቻቸው።

የዚያን ቀን ምሳ ለብቻቸው በሉ። አጠገባቸው ሄጄ ለመቀመጥ አልደፈርኩም።

ክረምት በመሆኑ ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር፣ ጋሼ ልጆቹን ያገኟቸው ለትምህርት ቤታቸው ቅርብ የሆነው ቡታጅራ ገበያ ሄደው ነው፤ የሚያውቋቸው ልጆች ከወላጆቻቸው ጎን በርበሬ ሲሸጡ። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሰው ሲያቀርቡ ፊታቸው ፈታ ብሏል። ቤተሰብ መርዳት አንዱ ምክንያት ነው አሉ። ሌላውን ሲናገሩ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "በገበያ ቀን ከረፋድ በኋላ አስተማሪ ክፍል አይገባም፣ ምን ልናደርግ እንሄዳለን? ብለውናል።"

ክፍሉ ሳቀ። ሁላችንም አስተማሪዎች ነንና ሳቁ ቶሎ በረደ።

እጄን እንደገና አወጣሁ። "ልጆቹን ማመናችሁ ጥሩ ነው፤ ግን የእነሱ ቃል ብቻ ነው። ከአስተማሪዎቹ በኩል አጣርታችኋል?"

"አጣርተናል" አሉ ጋሼ። "አንዱ እኔ ነኝ።"

መምህርቷ ይህም በሪፖርቱ እንዲገባ ጠየቀች። ገባም። ከክፍል ስንወጣ ጋሼ ዣንጥላቸውን ዘርግተው እስክጠጋቸው ቆሙ፤ ዝናቡ ውስጥ እስከ መኪና መናኸሪያው አብረን ሄድን። ስለ ጥናቱ አላነሱም፤ ስለ እናቴ ጤንነት ጠየቁኝ።