የሰኞው በርጩማ

ታቢታ አፏ አያርፍም ይሏታል፤ ይበሏት! አዋሳ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ አስተዳደር ክፍል ጸሐፊ ናት። ታይፑን ስትመታው ለተመለከታት የተጣላችው ሰው ያለ ይመስላል።

አንድ ዓርብ አለቃዋ ጓድ ኃይለሚካኤል የማሽን ጥገና ፈተና የወደቁትን ሰዎች ማመልከቻ ክምር አድርገው ጠረጴዛዋ ላይ ጣሉላት። በየጀርባው በቀይ እስክሪብቶ ጫር ጫር አድርገዋል፦ «አይረባም»፣ «እጁ ዘገምተኛ»፣ «ወድቋል»።

«እንዳለ ምቺውና በር ላይ ይለጠፍ» አሏት።

«በር ላይ? ሚስትና ጎረቤት እያነበበው? ለየራሳቸው ልጻፍላቸው።»

«እንግዲያው ማለፊያ አድርገሽ ጻፊ። እንደ ለመድነው 'ለወደፊቱ እናስብዎታለን' በይና ዝጊው።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ታቢታ አታውቃትም እንዴ! አምና ኩማ የሚባል ብስክሌት ጠጋኝ ይህንኑ ደብዳቤ ተቀብሎ፣ ሥራውን ጥሎ፣ ሰኞ ሰኞ «አስበውኝ ይሆን?» እያለ በሩ ላይ ይውላል። ዘበኛው አባባ አሰፋ በርጩማ ሁሉ መድበውለታል። ሚስቱ ከበቡሽ ደግሞ ወንድሟ እዚያው አዋሳ አዲስ ከተማ ሰፈር ያለውን የብስክሌት ሱቁን አብረን እንያዝ ቢለው፣ «ፋብሪካው ሊጠራኝ ነው» ብሎ እንቢ እንዳለ ነግራታለች። ወንድሟ ከመጪው ሰኞ ወዲያ አይጠብቅም። የኩማ ማመልከቻ ዘንድሮም ከክምሩ ውስጥ አለ፤ «እጁ ዘገምተኛ» የተባለው እሱ ነው።

ታቢታ አንድ በአንድ ጻፈች። የኩማ እንዲህ ወጣ፦ «ጓድ ኩማ፣ ስላመለከቱና ለፈተናው ስለደከሙ እናመሰግናለን። ለቦታው አልተመረጡም። የጽሑፉን ፈተና አልፈዋል፤ በተግባሩ ግን ማሽኑን ፈትተው በተሰጠው ሰዓት መልሰው አልገጠሙም። ውሳኔው የመጨረሻ ስለሆነ በዚህ ማመልከቻ አንጠራዎትም። ማስረጃዎችዎን ከበሩ ይውሰዱ። ኢትዮጵያ ትቅደም!»

ጓድ ኃይለሚካኤል አነበቡና «ኧረ ጨከንሽ! ያቺን 'እናስብዎታለን' ብትጨምሪ ምን ይጎዳል?» አሏት።

«ማን ነው የሚያስባቸው? እርስዎ ያስባሉ?»

ሰውዬው ጭንቅላታቸውን አከኩ። ቀጥሎ ሳቁ። «እውነቱን ለመናገር፣ ስማቸውንም አላስታውስ» አሉና እየፈረሙ ማኅተም አሳረፉበት። ደብዳቤዎቹ በዚያው ቀን በፋብሪካው መልእክተኛ እጅ ታደሉ።

ሰኞ ጠዋት ኩማ ከች አለ። ታቢታ በመስኮት ስታየው፣ ተስፋውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ ብላ ማስረጃዎቹን ይዛ ወደ በሩ ሮጠች። አባባ አሰፋ እንደ ልማዳቸው በርጩማዋን አቅርበዋል።

«አልቀመጥም አባባ» አለ ኩማ። ማስረጃውን ተቀብሎ ታቢታን ቀና ብሎ አያት። «እህቴ፣ ይህን አምና ብትነግሩኝ ኖሮ!»

እጇን ጨብጦ ወደ አዲስ ከተማ ፈጠን ፈጠን እያለ ሄደ። ሱቁ የሚከፈትበት ሰዓት ደርሶበት ነበር።