ለዛሪማዋ ደንበኛ የጻፍነው ይቅርታ

ይቅርታ ልትጽፉ ተቀምጣችሁ ማብራሪያ ጽፋችሁ ተነስታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ፤ ያውም በእህቴ ገበያ።

ታላቅ እህቴ ማራኪ ሰፈር በተከራየነው ቤት ጥልፍ ቀሚስ እየሰፋች በቴሌግራም ትሸጣለች። እኔ አስተማሪ ስለሆንኩ፣ ጽሑፍ ሲኖር ሳልጠራ እደርሳለሁ። አንዲት የዛሪማ ነርስ ለልጇ ክርስትና የምትለብሰው ቀሚስ አዘዘች፤ ከፈለችም። እህቴ ዕቃውን መናኸሪያ ወስዳ ለሚኒባስ ረዳት ሰጠች። ረዳቱ ደባርቅ ላይ ለሌላ መኪና አስተላለፍኩ ይላል፤ የዚያኛው ሾፌር አልተቀበልኩም ይላል። ቀሚሱ በመካከላቸው ጠፋ። ክርስትናው እሑድ ነው፤ ነርሷ ደግሞ "የት ደረሰ?" እያለች ትጽፋለች።

እህቴ "ጠፍቷል። ይቅርታ።" ብላ ጻፈች።

"ይሄማ መርዶ ነው" አልኳትና ስልኩን ወሰድኩ። መንገዱን፣ የመኪና ቅያሬውን፣ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ለምን እንደሚጠፋ በቅደም ተከተል አስረዳሁ።

እህቴ አነበበችው። "ምነው፣ ሴትዮዋ ፈተና አለባት እንዴ? ይቅርታው የት አለ?"

"መደምደሚያው ላይ።"

"እዚያ እስክትደርስ ልጁ ዲያቆን ይሆናል።"

እንደገና ጻፍኩ፦ "እህቴ፣ በጣም ይቅርታ። ቀሚስሽ መንገድ ላይ ጠፍቷል፤ ኃላፊነቱ የእኛ ነው። ከፈለግሽ ያንኑ የመሰለ ሌላ ቀሚስ ነገ ጠዋት እንልካለን፤ መላኪያውን እኛ እንከፍላለን። ካልሆነም ሙሉ ገንዘብሽን ዛሬውኑ በባንክ እንመልሳለን። የቱ ይሻልሻል?" ላክሁት።

"ሸጋ ነው" አለች እህቴ። "ሌላውን ከየት ልናመጣው ነው?"

"ቁምሳጥኑ ውስጥ አንድ አለ እኮ።"

"አለ። ለጓደኛሽ ሠርግ የሰፋሁልሽ።"

"ገንዘቡን ትመርጥ ይሆናል" አልኩ ቀስ ብዬ።

"ጸልዪ" አለችኝ።

መልሱ ወዲያው መጣ፦ "እግዜር ይስጥሽ። ገንዘብ ለብሼ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም፤ ቀሚሱን ላኪልኝ።"

እህቴ የነርሷን ልክ መዝግባ ስለነበር የኔን ቀሚስ ወገቡን ብቻ አሰፋችው፤ ወገቡን በያዘች ቁጥር እኔን ቀና ብላ ታየኛለች። ጠዋት ዛሪማን አልፎ ለሚሄድ መኪና ሰጠችው፤ ታርጋውን ፎቶ አንስታ ከሾፌሩ ስልክ ጋር ለነርሷ ላከችላት። ማታ "ደረሰኝ" የሚል ቃል መጣ። እሑድ ደግሞ ፎቶ፦ ነርሷ፣ ሕፃኑና የኔ ቀሚስ። አምሮባታል፤ ይህን ለመቀበል ትንሽ ጊዜ ወስዶብኛል።

ለሠርጉ ያምናውን ለበስኩ። "አዲሱስ?" ብሎ ለጠየቀ ሁሉ እህቴ "ለክርስትና ሄዷል" ትላለች።

እናንተም የሰው ዕቃ ቢጠፋባችሁ እስቲ እንዲህ ሞክሩት፦ ይቅርታውን መጀመሪያ ጻፉ፣ ምርጫውን ለባለቤቱ ተዉለት፣ ከዚያ ለቤት ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። የሚሰማው ሰው ከሳቀባችሁ አሳጥሩት።