ሰኞ ጀምሪ ላለችኝ ሴት

ስልኬ የጠራው ላንቴ ቀበሌ ውስጥ፣ የመስኖ ቦይ ዳር ቆሜ ሁለት የሙዝ ገበሬዎች በውሃ ተራ ሲጨቃጨቁ እየሰማሁ ሳለ ነው። የደወለችው አዲስ አበባ ሆና ለድርጅቶች ሠራተኛ የምትመለምል ሴት ነበረች። ያመለከትኩበትን የሥራ ፈተና አልፌያለሁ። ቀጣሪው ትልቅ የፍራፍሬ እርሻ ነው፤ የምፈልገውም ሥራ እሱ ነበር፣ የመስኖ ንድፍ።

«የኔ ቆንጆ፣ ሰኞ ትጀምሪያለሽ» አለችኝ።

የመንግሥት የመስኖ ባለሙያ መሆኔን፣ ለመልቀቅ የአንድ ወር ቅድመ ማስታወቂያ መስጠት እንዳለብኝ ነገርኳት። ድምፄ ከቦዩ ውሃ በላይ አልወጣም መሰለኝ፣ ሦስቴ አስደገመችኝ። በመጨረሻ በረጅሙ ተነፈሰችና አንድ ወር ከባድ ነው፣ ግን እጠይቃለሁ አለች።

በማግስቱ ማመልከቻዬን ለአለቃዬ አስገባሁ። አለቃዬ በቀበሌያቸው ሽማግሌ ሆነው ጋብቻና ጠብ ሲዳኙ የኖሩ፣ ቢሮም ውስጥ ያንኑ አካሄድ የማይተዉ የጋሞ ሰው ናቸው። አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። በቀላሉ የማይተካ ሠራተኛ ሲለቅ ያንን አንድ ወር ጨምሮ እስከ ሦስት ወር ማቆየት እንደሚቻል ሕጉን ጠቅሰው አስረዱኝ። የጫኖንና የላንቴን ቀበሌዎች የውሃ ተራ ከኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ተናድጄ እንዳልወጣ ደግሞ ሲያሞግሱኝ ቆዩ።

ከሰዓት በኋላ መልማይዋ ስትደውል ሦስት ወር የሚለው አልወጣልኝም። መጀመሪያ «ከአንድ ወር ትንሽ ይበልጣል» አልኩ። ቀጥሎ «ሁለት ወርም ሊያልፍ ይችላል» አልኩ። አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ሳቁን ለማፈን ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ሦስተኛው ወር ላይ ስደርስ መልማይዋ ተጠባባቂ እንዳላቸው፣ እሱ ነገ መጀመር እንደሚችል በጣም በትሕትና ነገረችኝ።

«ጥለሽው ነይ በቃ። ስንቱ እንደዚያ ያደርጋል» አለች።

«ስመጣ መልቀቂያና ክሊራንስ ይዤ እንድመጣ ነግራችሁኛል።»

«እሱማ ግዴታ ነው።»

«ጥዬ ከመጣሁ ማን ይሰጠኛል?»

«እንግዲያው አለቃሽን አገናኚኝ» አለች።

ስልኩን ለአለቃዬ ሰጠኋቸው። ጆሯቸው ስለሚያስቸግራቸው ድምፁን ከፈቱት፤ ቢሮው በሙሉ ይሰማል። ወዲያው ስለ ሥራ አልተናገሩም። የመልማይዋን ጤና፣ የወላጆቿን ጤና፣ የአዲስ አበባን ዝናብ ጠየቁ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጀመሩ።

«ልጄ፣ ልጃችንን ጠይቃችኋል። እኛም አልከለከልንም። ግን ደጅ ላይ ቆሞ ዛሬውኑ ልውሰድ ማለት ደግ ነው?»

«አይደለም ጋሼ» አለች መልማይዋ። ድምፅዋ ተለወጠ፤ እኔን ስታጣድፍ የነበረችው ሴት አልመስል አለችኝ።

ቤት ይሰጧታል ወይ አሉ። ከከተማው ምን ያህል ይርቃል፣ ታማ ብትተኛ ማን ያያታል አሉ። መልማይዋ ሁሉንም አንድ በአንድ መለሰች። ባልደረባዬ ወደኔ ጠጋ ብሎ «ሙሽሪት፣ ጥሎሹንስ አልጠየቁልሽም» አለኝ። ፊቴ ጋለ።

መልማይዋ ቀጣሪውን ለምና ሁለት ወር ልታስፈቅድ እንደምትችል፣ ከዚያ ካለፈ ግን ቦታው ለተጠባባቂው እንደሚሄድ ተናገረች። አለቃዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስት ወር ሊያቆዩኝ ይችላሉ እንጂ አይገደዱም፤ ቶሎ የሚተካኝ ሰው ካለ ቶሎ ይለቁኛል። «ግን ማን አለ?» አሉና ቢሮውን ዞር ዞር ብለው አዩ።

በስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ አላውቅም። የዚያን ቀን ጣቴ ቀድሞኝ ወጣ።

«እሱ» አልኩ፤ ባልደረባዬን እያሳየሁ። «ንድፍ ያነባል። ሞተርም ይነዳል። ወደ ሜዳ መውጣት ብቻ ነው የማይወደው።»

የባልደረባዬ አፍ ለሳቅ እንደተከፈተ ቀረ። አለቃዬ ሲጠብቁት የኖሩት ሰው ድንገት የተገኘላቸው ይመስል «ይኸው!» አሉ። ስልኩ ውስጥ መልማይዋ «ተባረኩ ጋሼ» ስትል ሰማኋት። በሁለተኛው ወር መጨረሻ እንድለቀቅ ተስማሙ፤ ቀጣሪውም በማግስቱ እሺ አለ።

በሚቀጥለው ሳምንት ባልደረባዬን ላንቴ ወሰድኩት። በነጭ ጫማው ቦዩ ውስጥ ገባ። በውሃ ተራ ሲጨቃጨቁ ለሚውሉ አንዲት ገበሬ እናት እኔን የሚተካኝ እሱ መሆኑን ስነግራቸው ከላይ እስከ ታች አዩት።

«አንተስ» አሉት፣ «መቼ ነው የምትለቀው? አሁኑኑ ንገረን።»